የወላጆች ግሩፕ መልእክት፦ "ልጄ ደርሷል ወይ?" ጥያቄ ነው ወይስ አስቸኳይ?

መምህርት_ከደሴ · ማክሰኞ፣ ማታ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው የማስተምረው፣ አራተኛ ክፍል። ተማሪዎቼ 58 ናቸው። የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። እናትም አባትም፣ አንዳንዴ አክስትም ስለሚገቡ 83 ሰው አለበት።

ስልኬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ አያርፍም። "እንደምን አደራችሁ" ይመጣል። ዓርብ ከሆነ "ጁምዓ ሙባረክ" ይደረደራል። የክፍያ ደረሰኝ ፎቶ አለ። "የሂሳብ የቤት ሥራ ገጹ ስንት ነበር" የሚል አለ። በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት እናት "መምህርት ልጄ አሞታል ዛሬ አይመጣም" ብላ ትጽፋለች። እኔ 2 ሰዓት ክፍል ስገባ ስልኬን ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ። የማየው በዕረፍት፣ 4 ሰዓት ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት 2:20 ላይ "መምህርት ልጄ ደርሷል ወይ" ብላ ጻፈች። ያየሁት 4 ሰዓት ላይ ነው። ልጁ ክፍል አልነበረም። ጠዋት ስም ስጠራ ቀሪ ብዬ አልፌዋለሁ። እናቱ ደግሞ መልስ ስላጣች ደርሷል ብላ ራሷን አጽናንታ ሥራ ገብታለች። ልጁ መንገድ ላይ አያቱ ቤት ጎራ ብሎ እዚያው ቀርቶ ነው የተገኘው። አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልሆነም። ግን ለሁለት ሰዓት ያህል የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የአጎቴ ልጅ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈልኝ። መልእክቶቹን ማስታወቂያ፣ ጥያቄ እና አስቸኳይ ቀሪ ብሎ ይለያል። የመስከረምን ወር መልእክት ከቴሌግራም አውጥተን ሞከርነው። የዚያችን እናት መልእክት "ጥያቄ" ውስጥ ከተተው። የአጎቴ ልጅ "ጥያቄ እኮ ነው፣ ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ጥያቄ ነው። ግን ማታ ከሚመለሱት ጥያቄዎች ጋር ተቀምጦ ሳየው ልቤ አልተቀበለውም።

412 መልእክት በእጄ ለይቼ አስቀምጫለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የሠራችሁ ካላችሁ እርዱኝ።

---

ቦርከና · ማክሰኞ፣ ማታ 2:41

እህቴ፣ እኔም ኮምቦልቻ አስተምራለሁ። ችግሩን አውቀዋለሁ። ነገሩን አታወሳስቡት። የቃላት ዝርዝር ያዙ። "አመ"፣ "ቀረ"፣ "አይመጣም"፣ "ትኩሳት"፣ "ሐኪም"። ከነዚህ አንዱ ያለበት መልእክት አስቸኳይ ነው። "ስንት"፣ "ወይ"፣ "እንዴ"፣ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥያቄ ነው። የቀረው ማስታወቂያ። እኔ በዚህ ሁለት ሳምንት ሠርቻለሁ፣ ደህና ነው።

---

መምህርት_ከደሴ · ማክሰኞ፣ ማታ 2:55

ወንድሜ አመሰግናለሁ። የአጎቴ ልጅ የሠራውም ይሄንኑ ነው። "አመ"ን ሲያስገባ "አመሰግናለሁ" ያለ ሁሉ የታመመ ሆነ። "የአማርኛ ፈተና"ን እንዳይዝ ደግሞ ስንጠነቀቅ "አሟታል" አመለጠን። "ቀረ" የባሰ ነው። "ነገ ፈተናው ቀረ እንዴ?" አስቸኳይ ውስጥ ገባ። "ለክፍያ ሁለት ቀን ቀረ" ያለውም ገባ።

ከ412ቱ ውስጥ እኔ አስቸኳይ ያልኳቸው 47 ናቸው። ፕሮግራሙ የያዘው 31 ብቻ ነው። 16 አምልጦታል።

---

የሦስት_ልጆች_እናት · ማክሰኞ፣ ማታ 3:20

መምህርት፣ ይቅርታ አድርጊልኝና አንድ ነገር ልበል። ወላጅ ብዙ ይጽፋል፣ ያስቸግራል ለማለት ከሆነ፣ እኛም ወደን አይደለም። በግል ስንጽፍ መልስ አይመጣም። ስንደውል ስልክ ዝግ ነው። ግሩፕ ላይ የምንጽፈው ቢያንስ ሌላ ወላጅ ያየዋል ብለን ነው። አሁን ደግሞ ማሽን ሊመርጠን ነው ማለት ነው?

---

መምህርት_ከደሴ · ማክሰኞ፣ ማታ 3:32

እህቴ አብሽሪ፣ እንዲያ ማለቴ አይደለም። ወላጅ እንዲጽፍ ነው የምፈልገው። የሚያስጨንቀኝ የተጻፈው ሳላየው መቅረቱ ነው። የዚያች እናት መልእክት በተጻፈበት ግሩፕ ሌሎች 82 ሰዎችም ነበሩበት። ማንም አልመለሰላትም፤ ሁሉም እኔን ነው የጠበቀው።

---

የሦስት_ልጆች_እናት · ማክሰኞ፣ ማታ 3:45

እሺ፣ አሁን ገባኝ። እንደ እናት ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔም "ደርሳለች ወይ" ብዬ ነው የምጽፈው። ልቤ እየደለቀ እንኳ "ልጄ የት ገባች!" ብዬ አልጽፍም። ሰው ፊት መጮህ ይመስለኛል። መምህሯን የከሰስኩ እንዳይመስልም እጠነቀቃለሁ። ስለዚህ ጥያቄ አስመስዬ ነው የምለው። እርጋታዬን አይታችሁ እንዳትረጋጉ።

---

ሐይቅ_ዳር · ማክሰኞ፣ ማታ 4:30

ሐይቅ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ሥራዬ የጽሑፍ መረጃ መለየት ነው፣ በብዛትም የአማርኛ። እናቲቱ አሁን የጻፉት ከኮዱ ሁሉ ይበልጣል።

መምህርት፣ የአጎትሽ ልጅ እና አንቺ የተለያየ ነገር እየለያችሁ ነው። እሱ ዓረፍተ ነገሩ ምን ዓይነት ነው ብሎ ይጠይቃል። አንቺ የምትጠይቂው አንብበሽ ምን እንደምታደርጊና እስከ መቼ እንደሆነ ነው። "ገጹ ስንት ነው" እና "ልጄ ደርሷል ወይ" በሰዋስው እኩል ጥያቄ ናቸው። የመጀመሪያው ማታ ቢመለስ የሚጎዳ ሰው የለም። ሁለተኛው ሩብ ሰዓት ከቆየ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ የሳጥኖቹን ስም አትቀይሪ፣ ትርጉማቸውን ግን በድርጊት ጻፊው። አስቸኳይ ማለት "አንድ ልጅ ዛሬ ክፍል ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚነካ፣ ከ2:30 በፊት መታወቅ ያለበት" ይሁን። ጥያቄ ማለት "እስከ ማታ መልስ የምሰጥበት" ይሁን። ማስታወቂያ "ማወቅ ብቻ የሚበቃኝ"። አራተኛ ሳጥንም ያስፈልግሻል። ሰላምታውን፣ ምርቃቱን፣ የደረሰኝ ፎቶውን "ሌላ" በይውና ለብቻው አስቀምጪው። ያለዚያ ማስታወቂያው ሳጥን ቆሻሻ መጣያ ይሆናል።

አንድ መልእክት ሁለት ሳጥን ውስጥ ሊገባም ይችላል። "ልጄ አሞታል፣ የነገ ፈተና ይቆየዋል ወይ?" ቀሪም ነው፣ ጥያቄም ነው። አንዱን ምረጪ ብትባዪ አንዱን ታጪዋለሽ። ሁለቱም ውስጥ ይግባ።

በዚህ ትርጉም 412ቱን እንደገና እይያቸው። ያመለጡትን 16ቱንም ዓይነት ዓይነታቸውን ለይተሽ ጻፊልን። ስም አትጻፊ፣ መልእክቱን ብቻ።

---

መምህርት_ከደሴ · ረቡዕ፣ ማታ 1:50

ሁሉንም እንደገና አየኋቸው። አሁን ሌላ 171፣ ጥያቄ 128፣ ማስታወቂያ 66፣ አስቸኳይ 47 ነው። ሁለት ቦታ የሚገቡትን እዚህ በአስቸኳይ ብቻ ነው የቆጠርኳቸው።

ያመለጡት 16ቱ እንዲህ ናቸው። ስድስቱ "ደርሷል ወይ"፣ "ገብታለች እንዴ" ዓይነት ናቸው። አምስቱ አጻጻፋቸው የተለየ ነው፤ "አሟታል"፣ "ዐሞታል"፣ "አሞታልና" ተጣብቆ። አምስቱ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ ነው። እንደዚህ፦

```
memhr lije zare amotal aymetam
lijoch amuachewal ebakih asawkilin
```

---

ሐይቅ_ዳር · ረቡዕ፣ ማታ 3:15

ጥሩ። አጻጻፉን አስቀድመን እንፍታ፤ እሱ ቀላሉ ነው።

በአማርኛ የግሱ አናባቢ እንደ ባለቤቱና እንደ ተሳቢው ይለዋወጣል። አሞታል፣ አሟታል። ለእኛ አንድ ቃል ናቸው። ለኮምፒውተር ግን "ሞ" እና "ሟ" እንደ ሀ እና ለ የተራራቁ ናቸው። ደግነቱ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ፊደላችንን ያስቀመጠው ስምንት ስምንት አድርጎ ነው። መ ሙ ሚ ማ ሜ ም ሞ ሟ በተከታታይ ተቀምጠዋል። ቁጥሩን ለስምንት አካፍሎ ቀሪውን መቀነስ ፊደሉን ወደ ግዕዙ ይመልሰዋል፤ የሚቀረውን የቃሉ አጥንት ልበለው።

```python
SAME = str.maketrans("ሐኀሠዐፀ", "ሀሀሰአጸ")

def bones(text):
    out = ""
    for c in text:
        n = ord(c)
        if 0x1200 <= n <= 0x1357:
            c = chr(n - n % 8)
        out += c
    return out.translate(SAME)
```

አሁን "አሞታል"፣ "አሟታል" እና "ዐሞታል" ሦስቱም `አመተለ` ይሆናሉ። "አይመጣም" እና "አይመጡም" ሁለቱም `አየመጠመ`።

ግን ተጠንቀቁ። አጥንቱ ብቻ ሲቀር የማይዛመዱ ቃላት ይገናኛሉ። "ቁርስ" `ቀረሰ` ይሆናል። "ቀረ"ን ቃል ውስጥ የምትፈልጊ ከሆነ "ቁርስ አስይዙ" ያለው ሁሉ ቀሪ ይሆናል። "ትኩሳት" ደግሞ `ተከሰተ` ይሆናል፤ "ችግር ተከሰተ" ከሚለው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር አድርጉ። ፍለጋው በሙሉ ቃል ይሁን እንጂ በቁራጭ አይሁን። እንደ "ትኩሳት" ያሉትን ደግሞ ወደ አጥንት ሳትለውጡ በቀጥታ ፈልጉ። ተጣብቀው ለሚመጡት "ና"ን እና "ም"ን ከመጨረሻ የሚቀበል አድርጉት።

በእንግሊዝኛ ፊደል ለተጻፈው ብልሃት አትፈልጉ። የወላጆቻችሁን አጻጻፍ ሰብስባችሁ እንዳለ ጨምሩት። `amotal`፣ `amuatal`፣ `amuachewal`፣ `aymetam`፣ `atmetam`። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ወላጆች የሚጽፉበት መንገድ ውስን ነው። ሃያ ያህል ቃል ይበቃል።

---

ቦርከና · ረቡዕ፣ ማታ 3:40

ስለ "ቀረ"ስ? እኔ "ትላንት" ወይም "ነበር" ያለበትን አስቸኳይ አይደለም ብዬ አወጣዋለሁ። ያለፈ ነገር ነውና።

---

ሐይቅ_ዳር · ረቡዕ፣ ማታ 4:05

"ነበር"ን አልቃወምም። "ትላንት"ን ግን ተው። "ከትላንት ጀምሮ አሞታል ዛሬም አይመጣም" የሚለውን ታወጣዋለህ። እሱ ደግሞ ዋናው ነው፤ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

"ቀረ" በአማርኛ ሦስት ሥራ አለው። ልጅ ይቀራል። ፈተና ይቀራል፣ ማለትም ይሰረዛል። ሁለት ቀን ይቀራል። ቃሉን አይተህ አትለየውም፤ ምን እንደቀረ ማየት አለብህ። እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው። እዚያው መልእክት ውስጥ ልጅ፣ ልጄ፣ ልጃችን ወይም ከስም ዝርዝሩ አንድ ስም ካለ አስቸኳይ። ፈተና፣ ትምህርት፣ ስብሰባ፣ ክፍያ፣ ቀን ካለ አይደለም። ሁለቱም ካለ አስቸኳይ ይሁን።

"ሁለቱም ካለ አስቸኳይ" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በከንቱ ቢጠራት መምህርት የምታጣው ሦስት ሰከንድ ነው። ካመለጣት የሁለት ሰዓት ነገር ነው፤ ራሷ ነግራናለች። ሁለቱን ስህተቶች እኩል የሚያይ ፕሮግራም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

"ደርሷል ወይ"ን ሰዓቱ ይለየዋል። ከንጋቱ 1:30 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ "ደረሰ"፣ "ገባ"፣ "መጣ" ከ"ወይ"፣ "እንዴ" ወይም ከጥያቄ ምልክት ጋር ከመጣ አስቸኳይ ነው። ከሰዓት በኋላ "ክፍያው ደርሷል ወይ" ከሆነ ጥያቄ ነው። "ደረሰኝ" የሚለው ቃል ብቻ እንዳያሳስታችሁ፤ በሙሉ ቃል ከፈለጋችሁ አያሳስትም። ደግሞ ቴሌግራም ሲወጣ `date` የሚለው ላይ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። `07:41` ማለት በእኛ 1:41 ነው። ስድስት ሰዓት መቀነስ አትርሱ።

ፈተናውንም በአግባቡ አድርጉት። የመጀመሪያዎቹን 300 መልእክቶች እያያችሁ ሕጉን አሻሽሉ። የመጨረሻዎቹን 112 ግን እስከ መጨረሻ አትክፈቷቸው። የጻፋችሁት ሕግ ያላየው መልእክት ላይ ምን እንደሚሠራ የምታውቁት በእነሱ ብቻ ነው።

---

ጦሳ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3:10

ልጆቼ፣ እኔ ለብዙ ዓመት በርዕሰ መምህርነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይሄ ሁሉ ድካም ለምን እንደሆነ ልጠይቅ። ቴሌግራም ግሩፕን በርዕስ በርዕስ መክፈል ይቻላል። አንዱን ርዕስ "ቀሪ"፣ አንዱን "ጥያቄ" ብላችሁ ክፈቱ። ወላጅ ራሱ ይለየው።

ሁለተኛም፣ መምህርት 2:20 ላይ ክፍል ውስጥ ናት። ፕሮግራሙ በትክክል ቢለይላትስ ማን ያየዋል? እኔ ብሆን አስቸኳዩን የሚቀበለው ዩኒት ሊደሩ ወይም ፀሐፊዋ ይሆናሉ።

---

መምህርት_ከደሴ · ሐሙስ፣ ቀን 6:40

አባባ፣ ሁለተኛው ነጥብዎ እውነት ነው፤ አላሰብኩትም ነበር። ዩኒት ሊደራችንን ዛሬ አነጋግራቸዋለሁ።

ርዕሱን ግን ሞክረነው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም "ቀሪ" ላይ "እንደምን አደራችሁ" ጻፈ። የተጨነቀ ወላጅ ደግሞ ከፊቱ የተከፈተው ላይ ነው የሚጽፈው። አንዳንዱ ስልክ ላይ ርዕሶቹ በደንብ አይታዩም። ሦስት ሳምንት ቆይተን ዘጋነው።

---

ከሚሴ_መንገድ · ሐሙስ፣ ማታ 1:30

እኔ ከሚሴ አካባቢ ነኝ። የኔ ግሩፕ ግማሹ በኦሮምኛ ነው የሚጽፈው። አንዱ ወላጅ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል። ይሄ የአጥንት ነገር ለኔ ምንም አይሠራልኝም። ግን የሐይቅ ዳርን ሐሳብ ይዤ ቃላቱን ሰበሰብኩ። `dhukkub` ያለበት በሽታ ነው። `hin dhufu` ያለበት አይመጣም ነው። `ga'e` እና `gahe` ሁለቱንም ይጽፋሉ፣ ደርሷል ለማለት። ምልክቷን የሚተዋትም ብዙ ነው። ያለ ምልክት እንዲይዝ አድርጌዋለሁ።

የኔ ትልቁ ችግር ሌላ ነው። ብዙ እናቶች አይጽፉም። በድምፅ ነው የሚልኩት። የናንተ 412 ውስጥ ድምፅ አለበት?

---

መምህርት_ከደሴ · ሐሙስ፣ ማታ 2:15

ወላሂ አላስተዋልኩትም ነበር። ሄጄ ቆጠርኩ። በመስከረም 39 የድምፅ መልእክት አለ። ጽሑፍ ስለሌለው ፕሮግራሙ ባዶ ብሎ ዘሎታል። እኔም የለየሁት ጽሑፉን ብቻ ነው።

ሁሉንም ዛሬ አዳመጥኳቸው። ከ39ኙ 14ቱ ስለ ቀሪ ልጅ ናቸው። ከጽሑፉ ይልቅ በድምፁ ውስጥ ነው የቀሪው ድርሻ የሚበዛው። መጻፍ የማይመቻቸው ወላጆች ግሩፕ ላይ ሲናገሩ ለቁም ነገር ነው መሰለኝ።

---

ሐይቅ_ዳር · ሐሙስ፣ ማታ 3:00

ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ከሚሴ መንገድ። እኔም መጠየቅ ነበረብኝ።

ድምፁን ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ አትሞክሩ። የልጅ ለቅሶና የመኪና ጡሩምባ ያለበት የወሎ አማርኛ ላይ ስህተቱ ይበዛል። ይልቅ ሕግ አድርጉት። በወጣው ፋይል ውስጥ `media_type` የሚለው `voice_message` ከሆነ፣ ሰዓቱም ከ12:30 እስከ 4 ሰዓት፣ በፋይሉ ከ`06:30` እስከ `10:00` ከሆነ፣ ምንም ሳይመረመር አስቸኳይ ውስጥ ይግባና ሰው ያዳምጠው። በወር 39 ማለት በቀን ከሁለት አይበልጥም። ያን ያህል ማዳመጥ ይቻላል።

---

መምህርት_ከደሴ · በሳምንቱ ማክሰኞ፣ ማታ 2:20

ውጤቱን ይዤ መጣሁ።

ያልተነኩትን 112 መልእክቶች ከፈትናቸው። አስቸኳይ ያልኳቸው 14 ነበሩበት። አዲሱ ሕግ 21 መልእክት አስቸኳይ ብሎ አወጣ። 13ቱ ትክክል ናቸው። 8ቱ በከንቱ ናቸው፤ አብዛኞቹ "ትምህርት ገብቷል ወይ" ዓይነት የጠዋት ጥያቄዎች ናቸው። ያመለጠው አንድ ነው። መስከረም 20 ማታ የተጻፈ፦ "መምህርት እኛ ግሸን መንገድ ላይ ነን፣ በጸሎት አስቡን"። አሞ የለ፣ ቀረ የለ፣ አይመጣም የለ። መስከረም 21 የግሸን ማርያም እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ግን ልጁ ነገ እንደማይመጣ ወዲያው ይገባዋል። ይሄን በምን ቃል እንይዘዋለን?

---

ሐይቅ_ዳር · ማክሰኞ፣ ማታ 3:05

በቃል አትይዙትም። "መንገድ ላይ ነን"ን ብትጨምሪ "መንገድ ላይ ነን፣ አምስት ደቂቃ እናረፍዳለን" የሚለው ሁሉ ይገባል። ያንን ቃል ለአንድ መልእክት ብለሽ አትጨምሪ።

የሚይዝልሽ የስም መጥሪያሽ ነው። 2:30 ላይ ስም ጠርተሽ ስትጨርሺ የቀሩት እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ። ፕሮግራሙ ደግሞ "ወላጅ አሳውቋል" የሚላቸው አሉ። ከቀሩት ላይ የታወቁትን ቀንሺ። የሚተርፉት ስሞች ወላጆቻቸው ምንም ያላሉ ወይም ፕሮግራሙ ያላየው ናቸው። ለእነሱ ይደወላል። የግሸኑ ልጅ እዚያ ይወጣል። አያቱ ቤት የቀረውም እዚያ ይወጣ ነበር፤ ያን ቀን ቀሪ ብለሽ ስታልፊው ስሙ ያልታወቀ ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

ስትደውዪ ወላጁ "ግሩፕ ላይ ጽፌ ነበር እኮ" ካለሽ መልእክቱን ገልብጪና አስቀምጪ። በወሩ መጨረሻ ፕሮግራሙ የት እንደሚስት የሚያሳይ ዝርዝር በእጅሽ ይኖራል።

---

ቦርከና · ማክሰኞ፣ ማታ 3:30

የኔን ሁለት ሳምንት በዚህ መንገድ ዛሬ አጣራሁት። ደህና ነው ያልኩት ተሳስቼ ነው። ያመለጡኝን አላየኋቸውም ነበር፣ የያዝኳቸውን ብቻ ነበር የማየው። ስድስት አምልጠውኛል። አራቱ ድምፅ ናቸው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በየቀኑ ፋይል ማውጣት አይቻልም። ቦት አስገብቼ ነበር፣ ግን ግሩፕ ውስጥ ምንም መልእክት አያይም። ምን አጎደልኩ?

---

ሐይቅ_ዳር · ማክሰኞ፣ ማታ 3:50

ቦት ሲፈጠር በግሩፕ ውስጥ የሚያየው በአብዛኛው ለእሱ የተላከውን ትእዛዝና መልስ ነው። `@BotFather` ላይ `/setprivacy` ብለህ ይህን ገደብ አጥፋው፣ ከዚያ ቦቱን ከግሩፑ አውጥተህ መልሰህ አስገባው። ወይም አድሚን አድርገው።

ሌላው ደግሞ የት ነው የሚሠራው የሚለው ነው። የአጎት ልጅ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ቴሌግራም ያልተነሱ መልእክቶችን እስከ 24 ሰዓት ያቆይለታል፤ መብራት ሲመጣ ያነሳቸዋል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጠፍቶ 5 ሰዓት ላይ ከመጣ ግን አስቸኳዩ አልፏል። የሚያስፈራው ዝም ማለቱ ነው። ቦቱ ሞቶ ዝም ሲል "ዛሬ ቀሪ የለም" ከሚለው ዝምታ ጋር አንድ ነው። በየጠዋቱ 1:30 እና 2:30 ላይ "አለሁ፣ እስካሁን ይህን ያህል መልእክት አይቻለሁ" ብሎ ለዩኒት ሊደሩ እንዲልክ አድርጉት። ያ መልእክት ካልመጣ ያን ቀን ግሩፑን ሰው በዓይኑ ያንብበው።

---

የሦስት_ልጆች_እናት · ማክሰኞ፣ ማታ 4:10

እኔ አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። የልጄን ሕመም ለመምህሯ ነው የምጽፈው። አሁን ደግሞ በማላውቀው ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ሊቀመጥ ነው። ያቺ ልጅ የሚጥል በሽታ ያለባት ብትሆንስ? ስሟና ሕመሟ አብሮ ተጽፎ የማን እጅ ይገባል? ግሩፑ ላይ ራሱ 83 ሰው ያየዋል ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን የማውቃቸው ወላጆች ናቸው።

---

ሐይቅ_ዳር · ማክሰኞ፣ ማታ 4:25

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እናቴ። ቦቱ መልእክቱን ማስቀመጥ የለበትም። ወደ ዩኒት ሊደሩ አሳልፎ ይተወው። ለሙከራ የወጣው የመስከረም ፋይልም ሥራው ሲያልቅ ይጥፋ። ፋይሉ ውስጥ የላኪው ስም በ`from` ተጽፎ ይወጣል፤ መምህርት ለአጎቷ ልጅ ስትሰጥ እሱን እና የልጆቹን ስም አውጥታ መሆን ነበረበት። ወላጆች አስቀድመው እንዲያውቁና እሺ እንዲሉ ማድረግም ያስፈልጋል።

---

መምህርት_ከደሴ · ማክሰኞ፣ ማታ 4:50

ስም ሳላወጣ ነው የሰጠሁት። ነገ ሄጄ አስጠፋዋለሁ። ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ አለን፣ ጉዳዩን እዚያ አነሳዋለሁ። እሺ ካላሉ ቦቱን አላስገባም።

የስም መጥሪያውን ነገር ግን ዛሬውኑ ጀምሬዋለሁ፣ በወረቀት። 2:30 ላይ አምስት ልጆች ቀርተው ነበር። ሦስቱን ወላጆቻቸው ግሩፕ ላይ ጽፈዋል። ሁለቱን ዩኒት ሊደሩ ደውለውላቸዋል። አንዷ ታማ ነው። የአንዱ አባት ግን "ከቤት ወጥቷል እኮ" አለ። ልጁ 3 ሰዓት ላይ መጣ፣ ጫማው ተበጥሶበት ሊስትሮ ጋ ሲያሰፋ ነው የቆየው። አባቱ ግን እስኪደርስ ድረስ ስልኩን አልዘጋም ነበር።

---

ጦሳ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2:45

መምህርት፣ ለዩኒት ሊደሩ የስልክ ካርድ ማን ይሞላለታል? በቀን ሁለት ሦስት ጥሪ በወር ብዙ ነው፣ ከኪሱ ነው የሚያወጣው። እሱንም ቅዳሜ አብረሽ አንሺው።